ከ4 ወደ 2፦ ሃይድሮጅን የሚለቀውን ፎቶን የሞገድ ርዝመት በእጅ ማስላት

ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ትንሽ የሃይድሮጅን ጋዝ ይሞላል። በሁለቱ ጫፎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሰጠው ወደ ሮዝ የሚያደላ ብርሃን ያበራል። በባዶ ዓይን የሚታየው ይህ አንድ ቀለም ብቻ ነው። ዓይናችሁ ላይ ዲፍራክሽን ግሬቲንግ፣ ማለትም በጣም የተቀራረቡ ጭረቶች ያሉበት ስስ ፕላስቲክ ስታደርጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሮዙ ይበተንና በጨለማ መሃል የተነጣጠሉ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። አንዱ ደማቅ ቀይ ነው። ቀጥሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ አለ። ከዚያ ሐምራዊ፣ ከእሱም ወዲያ ለማየት የሚያስቸግር ሌላ ደብዛዛ ሐምራዊ። በመካከላቸው ጨለማ ብቻ ነው።

ዛሬ የምንይዘው ሁለተኛውን መስመር ነው። ያ ሰማያዊ መስመር የሚመጣው የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ከ4ኛው የኢነርጂ ደረጃ ወደ 2ኛው ሲወርድ ነው። የሞገድ ርዝመቱን ከባዶ ወረቀት ተነስተን እናሰላዋለን። የመረጥኩት በምክንያት ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች በሙሉ በዚህ አንድ ጥያቄ ውስጥ ይገኛሉ። እሱን በደንብ የያዘ ሰው ሌሎቹን ሽግግሮች ቁጥር ቀይሮ ብቻ ይሠራቸዋል።

በመጀመሪያ ያ ኔጌቲቭ ምልክት ምን ይላል?

የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን የፈለገውን ያህል ኢነርጂ መያዝ አይችልም። የተፈቀዱለት ደረጃዎች አሉ። እነሱን በሙሉ ቁጥር n እንጠራቸዋለን፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ይቀጥላል። የእያንዳንዱ ደረጃ ኢነርጂ በዚህ ቀመር ይገኛል።

```
E(n) = -13.6 eV / n²
```

eV ማለት ኤሌክትሮን ቮልት ነው። አተም ውስጥ ያለው ኢነርጂ በጁል ሲጻፍ 0.000... እያለ ዓይን ያደክማል። በኤሌክትሮን ቮልት ግን ቁጥሩ ለእጅ የሚመች ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በኔጌቲቩ ነው። እኔ እንደ ዕዳ አድርጋችሁ እዩት እላለሁ። ከአተሙ ነፃ ወጥቶ የቆመ ኤሌክትሮን ዕዳ የለበትም፤ ኢነርጂው ዜሮ ነው። ኒውክሊየሱ የያዘው ኤሌክትሮን ግን ለመውጣት መክፈል አለበት። 1ኛው ደረጃ ላይ ያለ ኤሌክትሮን ዕዳው 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 2ኛው ላይ ያለው 3.40 ብቻ አለበት። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዕዳው ይቀልለታል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይከብደዋል።

እንግዲህ ኤሌክትሮኑ ሲወርድ ዕዳው ከጨመረ፣ የጨመረው ኢነርጂ የት ሄደ? በፎቶን መልክ ከአተሙ ወጣ። ፎቶኑ ይዞ የሚሄደው የሁለቱን ዕዳዎች ልዩነት ነው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሒሳብ ነው።

እርምጃ 1፦ ከየት ወደ የት?

ጥያቄውን አንብባችሁ ሁለት ቁጥሮች ጻፉ፦ መነሻ ደረጃና መድረሻ ደረጃ። ለእኛ መነሻው 4፣ መድረሻው 2 ነው። ፎቶን የሚለቀቅ ከሆነ መነሻው የግድ ከመድረሻው ይበልጣል። መነሻው ካነሰ ጥያቄው ፎቶን ስለ መዋጥ እንጂ ስለ መልቀቅ አይደለም።

ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ቁጥሩን በግልጽ አይሰጣችሁም። "ከሦስተኛው የተነቃቃ ደረጃ" ሊል ይችላል። የተነቃቃ የሚባለው ከዝቅተኛው ደረጃ በላይ ያለው ነው። ዝቅተኛው n = 1 ስለሆነ የመጀመሪያው የተነቃቃ ደረጃ n = 2 ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ n = 4። አንድ ጨምሩ ማለት ነው። "የባልመር ተከታታይ ሁለተኛ መስመር" ካለም እንዲሁ ነው። የባልመር ተከታታይ ማለት 2ኛው ደረጃ ላይ የሚያርፉ ሽግግሮች ስብስብ ነው። የመጀመሪያው መስመር ከ3፣ ሁለተኛው ከ4 ይነሳል። ሦስቱም አነጋገሮች ወደ አንድ ጥያቄ ያመጣሉ፦ ከ4 ወደ 2።

ደረጃዎቹን እንደ አግድም መስመሮች አድርጋችሁ ሳሉና ከ4 ወደ 2 ቀስት አውርዱ። አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ስትስሉ መስመሮቹን እኩል አታራርቁ። ከ1 እስከ 2 ያለው ክፍተት 10.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከ2 በላይ ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ግን 3.4 ውስጥ ተጨናንቀዋል። ስዕሉ ይህን ካሳየ የትኛው መልስ ትልቅ፣ የትኛው ትንሽ እንደሚሆን ቀድማችሁ ታያላችሁ።

እርምጃ 2፦ የሁለቱን ደረጃዎች ኢነርጂ ለየብቻ አስሉ

```
E(4) = -13.6 / 16 = -0.850 eV
E(2) = -13.6 / 4  = -3.400 eV
```

መጀመሪያ n በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ 13.6 ለእሱ ይካፈላል። ሁለቱን ለየብቻ ሠርታችሁ ጻፏቸው። በአንድ መስመር ሁሉንም ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ነው ቀድሞ የሚሳሳተው።

እዚህ ላይ ስለ ማጠጋጋት አንድ ነገር ልበል። የእኛ ቁጥሮች እድለኞች ናቸውና ያለ ትርፍ ይካፈላሉ። ከ3 የሚነሳ ሽግግር ቢሆን ግን 13.6 ለ9 ሲካፈል 1.5111... እያለ ይቀጥላል። አንዱ "1.5 ይበቃል" ብሎ ቢያጠጋጋው የቀዩ መስመር መልስ 652.6 ናኖሜትር ይወጣለታል። ትክክለኛው 656.5 አካባቢ ነው። ትንሽ የመሰለችው ክፍልፋይ መጨረሻ ላይ ወደ 4 ናኖሜትር ስህተት ሆነች። ምክንያቱም ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች ሲቀናነሱ የማጠጋጋት ስህተቱ ሳይቀንስ ልዩነቱ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ሦስት አሃዝ ያዙ። ማጠጋጋቱን ለመጨረሻው መስመር አቆዩት።

እርምጃ 3፦ ቀንሱ

```
ΔE = E(4) - E(2) = -0.850 - (-3.400) = 2.550 eV
```

በዕዳው ቋንቋ ስናነበው፦ ኤሌክትሮኑ 0.85 ዕዳ ነበረበት፤ አሁን 3.40 አለበት። ዕዳው በ2.55 ጨመረ። ይሄው 2.55 ኤሌክትሮን ቮልት ነው በፎቶኑ የወጣው። የፎቶን ኢነርጂ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ነው። ኔጌቲቭ ከወጣላችሁ መነሻና መድረሻውን አገላብጣችኋል።

እርምጃ 4፦ ወደ ሞገድ ርዝመት ቀይሩት

የፎቶን ኢነርጂና የሞገድ ርዝመቱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። ኢነርጂው ሲጨምር ሞገዱ ያጥራል። ቀመሩ ይሄ ነው።

```
λ = h·c / ΔE
```

h የፕላንክ ቋሚ ነው፤ c የብርሃን ፍጥነት። ሁለቱን በየጊዜው እያባዙ መድከም አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ተባዝተው በኤሌክትሮን ቮልትና በናኖሜትር ሲገለጹ 1240 ይሰጣሉ። በትክክል 1239.84 ነው፤ ለእጅ ስሌት ግን 1240 በቂ ነው። ይህችን ቁጥር በቃላችሁ ያዟት።

```
λ = 1240 / 2.550 = 486.3 nm
```

ሰማያዊው መስመር ይሄ ነው፦ 486.3 ናኖሜትር።

ጥያቄው በጁል እንድትሠሩ ካስገደዳችሁ መንገዱ ያው ነው፤ አንድ መቀየሪያ ብቻ ይጨመራል።

```
ΔE = 2.550 × 1.602×10⁻¹⁹ = 4.085×10⁻¹⁹ J
λ  = (6.626×10⁻³⁴ × 2.998×10⁸) / 4.085×10⁻¹⁹
   = 4.863×10⁻⁷ m
```

4.863×10⁻⁷ ሜትር ማለት 486.3 ናኖሜትር ነው። ሁለቱን መለኪያዎች እንዳታቀላቅሉ። ኢነርጂውን በኤሌክትሮን ቮልት ትተው h እና c ን በጁልና በሜትር የሚያስገቡ አሉ። የሚወጣው 10⁻²⁵ ወይም 10⁻²⁶ ያለበት ቁጥር ነው። ያንን ስታዩ ሳትጨነቁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ በ1.602×10⁻¹⁹ ማባዛቱን ረስታችሁታል።

እርምጃ 5፦ መልሱ ቦታው ላይ ነው ወይ?

እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን እርምጃ ነው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚዘሉትም እሱኑ ነው። መድረሻው ደረጃ ብቻ መልሱ በየትኛው ክልል ውስጥ እንደሚወድቅ ይነግራችኋል።

1ኛው ደረጃ ላይ የሚያርፍ ሽግግር ሁሉ ከ91 እስከ 122 ናኖሜትር ባለው ውስጥ ነው። አልትራቫዮሌት ስለሆነ ዓይን አያየውም። 2ኛው ላይ የሚያርፈው ከ365 እስከ 656 ነው፤ የምናያቸው መስመሮች እዚህ ናቸው። 3ኛው ላይ የሚያርፈው ከ820 እስከ 1876 ሲሆን ኢንፍራሬድ ነው። እነዚህ ሦስት ክልሎች እርስ በርስ አይነካኩም። ከዚያ በላይ ያሉት መደራረብ ይጀምራሉ፤ እነሱን በዚህ ዘዴ ብቻ መለየት አይቻልም።

በየክልሉ ረጅሙ ሞገድ የሚመጣው ከቅርቡ ደረጃ ነው፤ አጭሩ ከሩቁ። 656 ከ3 ወደ 2 ነው። የእኛ ሽግግር ከ4 ስለሚነሳ ከ656 ማጠር አለበት፤ የ365ን ጫፍ ግን መንካት የለበትም። 486 በትክክል ቦታው ላይ ነው።

የ364.7 ነገር

አንድ ቅዳሜ ሦስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አብረው መጡ። ይህንኑ ከ4 ወደ 2 ጥያቄ በየቤታቸው ሠርተውታል። ሦስቱም 364.7 ናኖሜትር አግኝተዋል። የመልስ ወረቀቱ ግን 486 ይላል። "ቲቸር፣ መልሱ ነው የተሳሳተው። ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነው ያገኘነው" አለችኝ አንዷ። ሦስት ሰው ለየብቻ ሠርቶ አንድ መልስ ላይ ከደረሰ ማን ይጠራጠራል?

ደብተሮቹን ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ነበሩ።

የመጀመሪያው ልጅ n በራሱ ማባዛቱን ረስቷል። 13.6 ለ2 ሲካፈል 6.8፣ ለ4 ሲካፈል 3.4። ልዩነታቸው 3.4 ሆነ። ሁለተኛው ልጅ መጀመሪያ 4 ሲቀነስ 2 ብሎ 2 አገኘ። ከዚያ 2 በራሱ ሲባዛ 4፤ 13.6 ለ4 ሲካፈል 3.4። ሦስተኛዋ ሁለቱንም ደረጃዎች በትክክል አስልታለች። ነገር ግን ልዩነቱን ሳትወስድ የመድረሻውን ኢነርጂ፣ 3.40ን፣ እንዳለ ለፎቶኑ ሰጠችው። 1240 ለ3.4 ሲካፈል ለሁሉም ያው 364.7 ይሰጣል።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው። በሌሎች ሽግግሮች ሦስቱ ስህተቶች ሦስቱም አንድ ቁጥር አይሰጡም። ከ4 ወደ 2 ላይ ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አስቸጋሪነቱ ደግሞ 364.7 ዝም ብሎ የሚጣል ቁጥር አለመሆኑ ነው። የባልመር ክልል ጫፍ እሱ ነው። ምን ማለት ነው? ዕዳ የሌለበት ነፃ ኤሌክትሮን፣ እንቅስቃሴውም ዜሮ ሆኖ፣ ከውጭ መጥቶ 2ኛው ደረጃ ላይ ቢያርፍ የሚለቀው ፎቶን ነው። ሦስተኛዋ ተማሪ ያሰላችው በትክክል ይህንን ነበር። መነሻውን ዜሮ አድርጋ ከውጭ ወደ 2 አወረደችው እንጂ ከ4 አላወረደችውም።

ለዚህ ነው እርምጃ 5 ላይ "ጫፉን መንካት የለበትም" ያልኩት። ከ4 ይቅርና ከ100ኛው ደረጃ የተነሳ ኤሌክትሮን እንኳ ጫፉ ላይ አይደርስም፤ ይጠጋዋል እንጂ። መልሳችሁ ልክ ጫፉ ላይ ካረፈ የሁለቱ ደረጃዎች ኢነርጂ በትክክል ስሌቱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ሌሎች ስህተቶችም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። 292 አካባቢ ካገኛችሁ ሁለቱን ኢነርጂዎች ቀንሳችሁ ሳይሆን ደምራችሁ ነው፤ ኔጌቲቩ ጠፍቶባችኋል። 1459 ካገኛችሁ ደግሞ የመነሻውን 0.85 ብቻ ወስዳችኋል።

ያለ ካልኩሌተር ሲሆን

ኢነርጂውን ሳያሰሉ በቀጥታ ወደ ሞገድ ርዝመት የሚወስድ መንገድም አለ። በመጽሐፍ የሪድበርግ ቀመር ተብሎ የምታገኙት ነው።

```
1/λ = R × (1/2² - 1/4²)
R = 1.09678×10⁷ m⁻¹
```

ስትሠሩበት ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛው መጨረሻ ላይ መገልበጥ ነው። የሚወጣው λ ሳይሆን 1/λ ነው። 2,056,000 አካባቢ የሆነ ቁጥር አግኝታችሁ "ሜትር" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከአንዲት አተም 2 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሞገድ ወጣ እያላችሁ ነው። ሁለተኛው ክፍልፋዮቹን መቀነስ ነው፤ ታህቶቹን ሳያመሳስሉ መቀነስ አይቻልም።

እኔ ተገልብጦ በተዘጋጀው መልኩ መጠቀም ይቀለኛል። R ሲገለበጥ 91.18 ናኖሜትር ይሆናል። ከዚያ ቀመሩ እንዲህ ይጻፋል፤ a መድረሻው፣ b መነሻው ነው።

```
λ = 91.18 nm × (a² × b²) / (b² - a²)
```

ለእኛ a² 4 ነው፤ b² 16። ከላይ 4 ሲባዛ በ16፣ 64። ከታች 16 ሲቀነስ 4፣ 12። 64 ለ12 ሲካፈል 16/3። 91.18 በ16 ሲባዛ 1458.9፤ ለ3 ሲካፈል 486.3። በወረቀትና በእርሳስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የዚህ መንገድ መነሻ ከአተም ንድፈ ሐሳቡ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1885 ባዝል ከተማ፣ ስዊዘርላንድ፣ የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ዮሐን ባልመር የአራቱን መስመሮች ልኬት ይዞ ቁጥሮቹን የሚያገናኝ ቀመር አገኘ። ቁጥሮቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ግን ቀመሩ አይናገርም ነበር። ምክንያቱን ከኢነርጂ ደረጃዎች ጋር አያይዞ ያወጣው ኒልስ ቦር ነው፤ በ1913። ለ28 ዓመት ሰዎች ትክክለኛ መልስ እያገኙ ምን እያሰሉ እንደሆነ አያውቁም ነበር። እናንተ ግን ታውቃላችሁና፣ በአጭሩ መንገድ ስትሠሩም ያንን የቀስት ስዕል አትተዉት።

መጽሐፉ ለምን 486.1 ይላል?

ጠንቃቃ ተማሪ ይህን ይጠይቃል። እኛ 486.3 አገኘን፤ ብዙ ሰንጠረዦች 486.1 ይላሉ። ስህተት የሠራ የለም። ሰንጠረዡ የሚሰጠው መስመሩ አየር ውስጥ ሲለካ ያለውን ርዝመት ነው። የእኛ ቀመር የሚሰጠው ባዶ ቦታ ውስጥ ያለውን ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ በጥቂቱ ይዘገያል፤ ሞገዱም በዚያው ልክ ያጥራል። 486.27 ለ1.00028 ሲካፈል 486.13 ይመጣል።

ሌላ 486.0 የሚያገኙም አሉ። እነሱ ምናልባት R ን 1.09737×10⁷ ብለው ነው የወሰዱት። ይህ ቁጥር ኒውክሊየሱ ፈጽሞ እንደማይነቃነቅ ተቆጥሮ የተሰላ ነው። እውነተኛው የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ ግን አንድ ፕሮቶን ነው። ከኤሌክትሮኑ 1836 ጊዜ ቢከብድም ኤሌክትሮኑ ሲዞር እሱም በጥቂቱ ይወዛወዛል። ይህ ውዝዋዜ ሰማያዊውን መስመር በ0.26 ናኖሜትር ያረዝመዋል። ለሃይድሮጅን ስትሠሩ 1.09678×10⁷ የሚለውን ያዙ።

ለፈተና ይህ ሁሉ ለውጥ አያመጣም፤ በ486.0 እና በ486.3 መካከል ያለ መልስ ሁሉ ትክክል ነው። ለቤተ ሙከራ ሰው ግን 0.1 ናኖሜትር ብዙ ነው። ሃሮልድ ዩሬና ባልደረቦቹ በ1931 ከሃይድሮጅን መስመሮች ጎን የተደበቁ ደካማ መስመሮች አገኙ። ከዋናዎቹ በትንሹ ያጠሩ ነበሩ። ለምሳሌ በሰማያዊው መስመር ላይ ልዩነቱ 0.13 ናኖሜትር ብቻ ነው። ኒውክሊየሱ እጥፍ የከበደ ሃይድሮጅን መኖሩ በዚህ ታወቀ። ከባድ ኒውክሊየስ ብዙም ስለማይወዛወዝ መስመሩ በዚያው ልክ ያጥራል። ዛሬ ዲዩተሪየም የምንለው እሱ ነው።

ሁለት ጊዜ ከወረደስ?

ኤሌክትሮኑ 2 ላይ አይቀርም። ወደ 1 ይቀጥላልና ሌላ ፎቶን ይለቃል፤ 121.6 ናኖሜትር። በቀጥታ ከ4 ወደ 1 ቢወርድ ደግሞ አንድ ፎቶን ብቻ ነው የሚወጣው። የዚህን ሞገድ ርዝመት ለማግኘት 486.3 እና 121.6ን የሚደምሩ አሉ። ድምሩ 607.9 ይሆናል፤ ብርቱካናማ ብርሃን ማለት ነው። ግን 1 ላይ የሚያርፍ ነገር በሙሉ ከ122 በታች ነው ብለን ነበር። ስለዚህ ስህተቱ ሳይሰላም ይታያል።

የሚደመሩት ኢነርጂዎቹ ናቸው። 2.55 እና 10.20 ተደምረው 12.75 ይሆናሉ። 1240 ለ12.75 ሲካፈል 97.3 ናኖሜትር። ትልቅ ኢነርጂ፣ አጭር ሞገድ።

ወደ ኋላ፦ ሞገዱ ተሰጥቶ ሽግግሩ ሲጠየቅ

አንዳንዴ ጥያቄው ይገለበጣል። "ሃይድሮጅን 434 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ለቀቀ። ከየት ወደ የት ነው የወረደው?" ያው እርምጃዎች ከታች ወደ ላይ ይሄዳሉ። 434 በ365 እና በ656 መካከል ስለሆነ መድረሻው 2 ነው።

```
ΔE = 1240 / 434 = 2.857 eV
E(መነሻ) = -3.400 + 2.857 = -0.543 eV
n² = 13.6 / 0.543 = 25.0
n = 5
```

ከ5 ወደ 2። የቱቦው የመጀመሪያ ሐምራዊ መስመር ይሄ ነው።

n ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት። 4.98 ወይም 5.02 ከመጣ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፤ 5 በሉት። ከሙሉ ቁጥር በጣም ከራቀ ግን አስገድዳችሁ አታጠጋጉት። ለምሳሌ 587.6 ናኖሜትር የሆነ ቢጫ መስመር ሞክሩ።

```
ΔE = 1240 / 587.6 = 2.110 eV
E(መነሻ) = -3.400 + 2.110 = -1.290 eV
n² = 13.6 / 1.290 = 10.54
n = 3.25
```

3.25ኛ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። መድረሻውን ወደ 1 ወይም ወደ 3 እንዳንቀይር ደግሞ 587.6 ከሁለቱም ክልል ውጭ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ላይ የሚያርፉት ከ1450 ናኖሜትር በታች ስለማይወርዱ እነሱም አይሆኑም። እንግዲህ ስሌታችሁ ትክክል ነው፤ መስመሩ ግን የሃይድሮጅን አይደለም።

ይህ ቢጫ መስመር በ1868 የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ታይቶ ነበር። በጊዜው ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም አለ። በግሪክኛ ፀሐይ ከሚለው ቃል ተነስተው ሂሊየም አሉት። ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ሂሊየም ሁለት ኤሌክትሮኖች ስላሉት፣ እነሱም እርስ በርስ ስለሚገፋፉ፣ የ13.6 ቀመር ለእሱ አይሠራም። አንዱ ኤሌክትሮን ተነጥቆ አንድ ብቻ ሲቀረው ግን ቀመሩ ይመለሳል። የኒውክሊየሱ ቻርጅ 2 ስለሆነ 13.6 በ4 ተባዝቶ 54.4 ይሆናል፤ የቀሩት እርምጃዎች አንድም አይለወጡም። በዚህ ቁጥር ከ4 ወደ 2ን ብትሠሩ 10.20 ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣላችኋል። የሞገድ ርዝመቱ 121.6 ናኖሜትር ነው፤ ሃይድሮጅን ከ2 ወደ 1 ሲወርድ ከሚለቀው ጋር በእጅ ስሌት የማይለይ።